የአግሮኖሚ ስላይድ ለጀማሪ ለማስረዳት፦ አንድ ማሳ፣ አንድ ደብተር

የአክስቴ ልጅ ግብርና የገባች ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። "ጋሼ፣ ፈተና ደርሷል፤ ይሄ ነገር ግን አልገባኝም" አለች። ከ60 በላይ ስላይድ ነው። መጀመሪያ የአፈር ዓይነቶች፣ መሃል ላይ የንጥረ ነገር ዑደት፣ መጨረሻ ላይ ሰብል ማፈራረቅ። እኔም እንደ አስተማሪ ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድ በአንድ አስረዳኋት። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሁሉንም በቃሏ ትነግረኝ ጀመር፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኳት። "አምና ሽምብራ የነበረበት ማሳ ላይ ዘንድሮ ስንዴው ለምን ያምራል?"

"ሽምብራ አፈሩ ላይ ናይትሮጅን ስለሚጨምር።"

"ከየት አምጥቶ? ስንት ኪሎ?"

ዝም። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ሦስቱን ርዕስ እንደ ሦስት የተለያየ ትምህርት ነበር ያስረዳኋት። በዚያ ላይ "ይጨምራል" ያለችው መልስ ራሱ፣ ስላይዱ ላይ ያለ ቢሆንም፣ በአብዛኛው የኛ ማሳ ላይ ልክ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ከታች በቁጥር እናየዋለን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስላይዱን ዘግቼ እንደ አዲስ ጀመርን። ያኔ የሠራልኝን አካሄድ ነው የምጽፈው።

1. ስላይዱን ዝጉና አንድ ማሳ ምረጡ

አንድ ሄክታር ይበቃል፤ ግን የሆነ ቦታ ላይ ያለ መሬት ይሁን። እኔ የመረጥኩት ቢሾፍቱ አካባቢ፣ አድአ ላይ ያለ ጥቁር አፈር ነው። እዚያ ጤፍ፣ ሽምብራና ስንዴ እየተፈራረቁ ስለሚዘሩ ሦስቱም ርዕስ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ተማሪያችሁ ጎጃም ወይም ወላይታ ያደገ ከሆነ የሚያውቀውን መሬት ምረጡ። አንዴ ከመረጣችሁ ግን እስከ መጨረሻው አትቀይሩ። ምሳሌው በየስላይዱ ሲቀያየር ነው ተማሪው የሚጠፋው።

2. አፈሩን መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በስም

የአፈር ስላይድ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ማዕዘን ሥዕል ይጀምራል፤ አሸዋ፣ ደለል፣ ሸክላ። ለጀማሪ ይሄ ሥዕል ምንም አይናገርም። ስለዚህ አንድ እፍኝ አፈር አምጡ። ጠጠሩንና ሥሩን ልቀሙለት፣ ትንሽ በትንሹ ውሃ ጨምሩበትና እንደ ሊጥ አሹት። ከዚያ ተማሪው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል እየገፋ ጥብጣብ ያውጣ። 2.5 ሳንቲሜትር ሳይደርስ የሚቆረጥ ከሆነ ሸክላው ትንሽ ነው። ከ5 ሳንቲሜትር በላይ ሳይቆረጥ ከሄደ ሸክላ አፈር ነው። ጭራሽ ጥብጣብ ካልወጣው አሸዋ ይበዛዋል። የአድአን ጥቁር አፈር ስትሞክሩት ጥብጣቡ ረዝሞ ይንጠለጠላል፤ ጣት ላይ የቀረውም በቀላሉ አይታጠብም። የአክስቴ ልጅ እጇን እየታጠበች "ይሄማ ዋልካ ነው፣ እማማ ቤት ክረምት ላይ ጫማ የሚያስቀር" አለች። በቃ፣ የሸክላ አፈር ትርጉም ያኔ ገባት።

አሁን ስላይዱን ክፈቱ። እዚህ ጋ ሁሉም ጀማሪ የሚደናቀፍበት ነገር አለ። ስላይዱ "ሸክላ አፈር" እና "ቨርቲሶል" የሚሉትን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ተማሪው ደግሞ የአንድ ዝርዝር ሁለት ስሞች ይመስሉታል። አይደሉም። ሸክላ፣ አሸዋ፣ ደለል የሚባለው የቅንጣቱ መጠን ነው። ከ0.002 ሚሊሜትር ያነሰው ሸክላ፣ ከ0.05 በላይ እስከ 2 ሚሊሜትር ያለው አሸዋ፣ በመሃል ያለው ደለል። ይሄ እንደ ሰው ቁመት ነው፤ ይለካል። ቨርቲሶል፣ ኒቲሶል የሚሉት ግን የቤተሰብ ስም ናቸው፤ አፈሩ እንዴት እንደተፈጠረና ምን ጠባይ እንዳለው ይነግሩናል። የአድአው ጥቁር አፈር ቨርቲሶል ነው። ሸክላው ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በጋ ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው፣ ክረምት ላይ ውሃ አላሳልፍ ብሎ የሚተኛው ለዚህ ነው። ጅማ ወይም ወለጋ የምናውቀው ቀይ አፈር ደግሞ ብዙ ጊዜ ኒቲሶል ነው። እሱም ሸክላው ብዙ ነው፤ ግን ውሃ ያሳልፋል፣ እንደዚያም አይሰነጠቅም። ሁለቱም ሸክላ ናቸው፣ ጠባያቸው ግን ሌላ ነው።

አንድ ነገር ሳልረሳው፦ ተማሪው "ጥቁር ስለሆነ ብስባሹ ብዙ ነው" ካለ አርሙት። የቨርቲሶል ጥቁረት የብስባሽ ብዛት ምልክት አይደለም። ብስባሹ ትንሽ ሆኖም እንደ ከሰል የጠቆረ አፈር አለ።

3. የዑደቱን ቀስቶች ሦስት ቦታ አስመድቡ

የናይትሮጅን ዑደት ስላይድ የፈረንጅ ስም የተጻፈባቸው ቀስቶች የሚራወጡበት ሥዕል ነው። በቃል ከማስያዝ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። "ይሄ ቀስት ለማሳው ገቢ ነው፣ ወጪ ነው ወይስ ከኪስ ወደ ኪስ?" ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩና ተማሪው ቀስቶቹን ራሱ ይመድብ።

ገቢ ማለት ከውጭ ወደ ማሳው የገባ ነው። ዩሪያ፣ ፍግ፣ እንደ ሽምብራ ያሉ ጥራጥሬዎች ሥር ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር የሚያስሩት። ወጪ ማለት ከማሳው የወጣ ነው። ታጭዶ የሄደ እህልና ገለባ፣ በውሃ ታጥቦ ወደ ታች የወረደ ናይትሬት፣ ጋዝ ሆኖ የበነነ።

ሦስተኛው ዓምድ ነው ዋናው። ብስባሽ ሲፈርስ ወደ አሞኒየም (NH4+) መለወጡ፣ አሞኒየም ወደ ናይትሬት (NO3-) መለወጡ፣ ማለትም ናይትሪፊኬሽን የሚሉት፣ ጥቃቅን ሕዋሳት ናይትሮጅኑን ወስደው ገላቸው ውስጥ ማቆየታቸው፤ እነዚህ ሁሉ ብሩን ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ማዛወር ናቸው። አንድ ኪሎም አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም። ግን ሰብሉ መብላት የሚችለው በአሞኒየምና በናይትሬት ኪስ ያለውን ስለሆነ ዝውውሩ ቀላል ነገር አይደለም። የአየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ሆኖ ስንዴ በናይትሮጅን እጥረት ቢጫ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በN2 መልኩ ያለው ለስንዴ የተዘጋ ካዝና ነው።

አሁን ወደ ጥቁሩ አፈር ተመለሱ። "ውሃ ሲተኛበት ምን ይሆናል?" በሉት። አፈሩ ውስጥ አየር ይጠፋል፤ አየር ያጡት ባክቴሪያዎች ደግሞ ከናይትሬት ላይ ኦክስጅኑን ይነጥቁና ናይትሮጅኑን ጋዝ አድርገው ይለቁታል። ማለትም በእጅ አሽታችሁ ያወቃችሁት የአፈር ጠባይ፣ ደብተሩ ላይ የወጪ ቀስት ያሰፋል። አርሶ አደሩ በጥቁር አፈር ላይ መደብና ቦይ እያወጣ ውሃውን የሚያፋስሰው ሥሩ እንዲተነፍስ ብቻ አይደለም። የከፈለበት ዩሪያም እንዳይበንን ነው።

4. ደብተሩን በኪሎ አስሞሉ

እዚህ ጊዜ ውሰዱ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ፤ እያንዳንዱ ማሳ የራሱ ቁጥር አለው።

የመጀመሪያው ዓመት ጤፍ ነው። አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ማዳበሪያ እና አንድ ኩንታል ዩሪያ ገባ እንበል። ኤንፒኤስ ከመቶ 19፣ ዩሪያ ከመቶ 46 ናይትሮጅን አለው። ገቢ 65 ኪሎ። 15 ኩንታል ጤፍ ተገኘ፤ የፍሬው 1.8 በመቶ ናይትሮጅን ነው ብንል 27 ኪሎ ወጣ። 30 ኩንታል ጭድ በ0.6 በመቶ ሌላ 18 ኪሎ ይዞ ሄደ። ወጪ 45። ተማሪው "20 ኪሎ ተረፈ!" ይላል። እዚህ ጋ ቀስ በሉ። "እርግጠኛ ነህ? ክረምቱን ሙሉ ውሃ ተኝቶበት ነበር እኮ" በሉት። በጋዝ የበነነውንና የታጠበውን በሚዛን አልለካነውም፤ ወረቀት ላይ ያለው 20 ኪሎ መሬት ላይ ላይኖር ይችላል። ደብተሩ ላይ "20 (?)" ብሎ ይጻፍ። ያቺ ጥያቄ ምልክት ትቆይ፤ አታጥፏት።

ሁለተኛው ዓመት ሽምብራ። የሚዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው፤ ጥቁሩ አፈር በያዘው እርጥበት ያድጋል። ማዳበሪያ አልገባም እንበል። 20 ኩንታል ሽምብራ በ3.5 በመቶ 70 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። ገለባው 25 ኪሎ ይያዝ። በድምሩ 95። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶውን ከአየር አገኘው እንበልና 57 ኪሎ ገቢ፣ የቀረው 38 ኪሎ ከአፈሩ ተወሰደ።

አሁን ጥያቄው፦ ከማሳው ምን ወጣ? እህሉ ወጥቷል። ገለባው ለከብት ሄዷል። ስለዚህ 57 ገባ፣ 95 ወጣ። ማሳው 38 ኪሎ ጎደለበት!

የአክስቴ ልጅ ካልኩሌተሯን ሁለቴ ደገመችው። "ታዲያ ስላይዱ ዋሸ?" አለች። አልዋሸም፤ አሳጠረው። ሽምብራው ከአየር ያመጣው አብዛኛው ናይትሮጅን ፍሬው ውስጥ ነው፤ ፍሬውን ደግሞ እኛ እንበላዋለን። ገለባው ማሳው ላይ ቢቀር እንኳ ጉድለቱ ወደ 13 ይወርዳል እንጂ ወደ ትርፍ አይዞርም። ጥራጥሬ አፈሩን በርግጥ የሚያተርፈው ፍሬ ሳይያዝ፣ ለምለም እያለ ሲታረስበት ነው። ያንን ደግሞ ሽሮ የሚጠብቅ ቤተሰብ ያለው ሰው በቀላሉ አያደርገውም።

እንግዲህ ስንዴው ለምን አማረ? እሷ ራሷ እንድታገኘው አንድ ፍንጭ ሰጠኋት፤ "በሽምብራው ፋንታ ስንዴ ተዘርቶ ቢሆንስ?" 30 ኩንታል ስንዴ በ2 በመቶ 60 ኪሎ፣ ገለባው 20 ኪሎ፣ በድምሩ 80 ኪሎ። ስንዴ ከአየር አንድም ኪሎ አያገኝም፤ ሁሉም ከአፈርና ከማዳበሪያ ነው። ሽምብራ ከአፈሩ የወሰደው 38 ብቻ። ሽምብራ ለጎረቤት ሰጠ ሳይሆን ከጎረቤት ብዙ አልተበደረም ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ማሳው ላይ የሚቀረው ሥርና ቅጠል ነው። የስንዴ ገለባ ለ1 ናይትሮጅን 80 ገደማ ካርቦን አለው። እሱን የሚያፈርሱት ጥቃቅን ሕዋሳት ናይትሮጅኑ ስለማይበቃቸው ከአፈሩ ላይ ይወስዳሉ፤ ለጊዜው ከሰብሉ ጋር ይሻማሉ። የሽምብራ ቅሪት በናይትሮጅን የተሻለ ስለሆነ ቶሎ ይፈርሳል፣ ቶሎም ይለቃል። ከኪስ ወደ ኪስ የሚለው ዓምድ ጥቅሙ እዚህ ታየ። በሽታም አለ። አንዳንድ የስንዴ በሽታዎች ገለባ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ አንድ ዓመት ሽምብራ ሲመጣ የሚበሉት ያጣሉ። በተቃራኒው ሽምብራን የሚያጠወልገው ፈንገስ አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ሽምብራንም በላይ በላዩ መዝራት አያዋጣም።

ሦስተኛው ዓመት ስንዴ ነው። ከላይ ያለውን 80 ኪሎ ያወጣል፤ ማዳበሪያው እንደ ጤፉ 65 ይሁን። 15 ጎደለ። ሦስቱን ዓመት ስትደምሩት፣ የጥያቄ ምልክቷን 20 ኪሎ እንኳ እንዳለች ብንቆጥር፣ 33 ኪሎ ጉድለት።

"ታዲያ ማሳው እንዴት እስከ ዛሬ አበቀለ?" ተማሪው ይህን ካልጠየቀ እናንተ ጠይቁት። መልሱ ብስባሹ ውስጥ ነው። የላይኛው 20 ሳንቲሜትር አፈር በሄክታር ከ2,000 ቶን በላይ ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ 0.1 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆን ከ2,000 ኪሎ በላይ ነው። በዓመት የሚለቀው ጥቂት በመቶውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጉድለቱ ሳይታይ ብዙ ዓመት ይሄዳል። የቁጠባ ደብተር እየተበላ እንደመኖር።

5. ሥሩን ቆፍራችሁ አሳዩ

የሚቻል ከሆነ አበባ ሊያወጣ ያለ ሽምብራ ወይም ባቄላ ያለበት ማሳ ሂዱ። መሳብ የለም፤ ዙሪያውን በአካፋ ቆፍሩና ከነአፈሩ አውጡ፣ ከዚያ ባልዲ ውሃ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ እጠቡት። ከሳባችሁት ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩባቸው እብጠቶች አፈር ውስጥ ይቀራሉ፤ ተማሪውም "የለውም" ይላል። ሥሩ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ታያላችሁ። አንዱን በጥፍር ሰንጥቁ። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ባክቴሪያው እየሠራ ነው። ነጭ ከሆነ ገና ነው ወይም አይሠራም፤ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ አብቅቶለታል። እብጠት ጨርሶ ከሌለ ለሰብሉ የሚስማማው ባክቴሪያ አፈሩ ውስጥ የለም ይሆናል። ከዘሩ ጋር እየታሸ የሚዘራው ሕያው ማዳበሪያ የተሠራው ለዚህ ነው። ብዙ ዩሪያ የተበተነበት ማሳ ላይም እብጠት ይቀንሳል። የተዘጋጀ ማዕድ ካለ ማን ይደክማል?

እዚያው ቆማችሁ ሌላም ነገር አሳዩት። እኛ አገር ሽምብራ ብዙ ቦታ አይታጨድም፤ ከነሥሩ ተነቅሎ ወደ አውድማ ይሄዳል። ስላይዱ ላይ "ሥሩ አፈር ውስጥ ይቀራል" የሚለው ቀስት እዚህ ይቀጥናል። ደብተሩ ላይ ያስተካክለው።

6. ፎስፈረስን በአንድ ልዩነት ጨርሱት

የፎስፈረስ ስላይድ ላይ ብዙ አትቆዩ። ከናይትሮጅኑ ጎን አስቀምጡትና "የትኛው ቀስት የለም?" በሉ። ከሰማይ የሚመጣው ቀስት የለም። ስለዚህ ምንም ብታፈራርቁ ሰብል ማፈራረቅ አንድ ኪሎ ፎስፈረስ አያመጣም። ቀይና አሲዳማ አፈር ላይ ደግሞ ብረትና አሉሚኒየሙ ፎስፈረሱን ይይዙታል፤ ማዳበሪያ ገብቶም ሰብሉ የሚራበው፣ ኖራ የሚበተነውም ለዚህ ነው። አንድ ወጥመድ አለ፤ ኤንፒኤስ ከረጢት ላይ ያለው 38 የP2O5፣ ማለትም ከኦክስጅን ጋር የተጣመረ ፎስፈረስ ቁጥር እንጂ የንጹህ ፎስፈረስ አይደለም። በ0.44 ሲባዛ በኩንታል 17 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው።

ኩበትም እዚህ ይግባ። ጭዱን ላም በላችው፣ እበቱ ኩበት ሆነ፣ ምድጃ ገባ። ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ሄደ። ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ግን አመዱ ውስጥ ናቸው። አመዱ የት ይደፋል? ጓሮ። ጓሮው ጎመን የሚያሳምረው፣ ራቅ ያለው ማሳ የሚከሳው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

7. ሌላ ማሳ ሰጥታችሁ ፈትኑት

"ናይትሪፊኬሽን ምንድን ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ያንን በቃሉ ይመልሳል። ባዶ ደብተርና አዲስ ማሳ ስጡት። እኔ የሰጠኋት ተዳፋት ላይ ያለ ቀይ አሲዳማ አፈር ነው፤ በቆሎ ይዘራበታል፣ በማግስቱ ዓመት ባቄላ። የምጠብቀው ሦስት ለውጥ ነበር። ውሃ ስለማይተኛበት የጋዙ ቀስት ይቀጥናል፤ በምትኩ በጎርፍ የሚሄደው አፈር ይሰፋል። አሲዱ ስለሚከብዳቸው የባቄላው ባክቴሪያዎች ሥራ ይደክማል፣ ከአየር የሚገባው ይቀንሳል። ፎስፈረሱ ይታሰራል።

ሁለቱን አገኘች፤ የባክቴሪያውን ረሳችው፤ እሱን ደግመን አየነው። ግን ቀስት መሳል ከመጀመሯ በፊት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ "ቆይ ጋሼ፣ የበቆሎውን አገዳ ምን ያደርጉታል? ይማግዱታል ወይስ ማሳው ላይ ይተዉታል?" አለችኝ።

ላፕቶፑን ዘግቼ ቡና አፈላሁ።